ኮሸንት ሩል ከየት መጣ? ከፕሮዳክት ሩል ተነስተን ፕሩፉን ደረጃ በደረጃ እንስራው

ካልኩለስ የጀመረ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይህችን ቀመር በቃሉ ይዟታል።

```
(f/g)' = (f'g − fg') / g²
```

በቃል መያዙ ክፋት የለውም። ጣጣው የሚመጣው ፈተና ላይ ነው። መቀነሱ የሚጀምረው ከየትኛው ነበር? መጀመሪያ ዴሪቫቲቭ የሚወሰድለት የላይኛው ነው የታችኛው? ከታች ያለው ስኩዌርስ የማን ነው? ቀመሯን በዜማ የሸመደደ ሰው ዜማው ከጠፋበት ቀመሯም አብራ ትጠፋለች። ፕሩፉን አንዴ በእጁ የሰራ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ላይ በሁለት ደቂቃ መልሶ ያወጣታል፤ የመቀነስ ምልክቱም ስኩዌሩም ከየት እንደገቡ ያውቃላ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገምተው (f/g)' ማለት f'/g' ነው ብሎ ነው። ይሄ ግምት የሰነፍ ግምት አይደለም። ከካልኩለስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ላይብኒዝ ራሱ በ1675 እ.ኤ.አ. በግል ማስታወሻው ላይ የብዜት ዴሪቫቲቭ የዴሪቫቲቮች ብዜት ይሆን እንዴ ብሎ ሞክሮት፣ በምሳሌ ሲያየው አልሰራ ብሎት ነው የተወው። ትክክለኛዎቹን ሕጎች በ1684 ሲያሳትም ፕሩፍ አላያያዘባቸውም። እኛ እናያይዛለን።

የምንሄድበት መንገድ ይሄ ነው። ማካፈል ማለት በተገላቢጦሹ ማባዛት ነው፤ ስለዚህ f/g ማለት f ሲባዛ በ1/g ነው። ብዜት ከሆነ ደግሞ ፕሮዳክት ሩል አለን። የሚጎድለን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የ1/g ዴሪቫቲቭ። ትልቁ ስራ እሱ ላይ ነው፤ የቀረው የክፍልፋይ መደመር ነው።

ከመጀመራችን በፊት እጃችን ላይ ያለው

የዴሪቫቲቭን ትርጉም እንደምታውቁ እወስዳለሁ፦ [g(x+h) − g(x)]/h የሚለው ክፍልፋይ h ወደ 0 ሲጠጋ የሚደርስበት ቁጥር g'(x) ይባላል። ፕሮዳክት ሩልንም እንደተረጋገጠ እንወስደዋለን።

```
(f·k)' = f'k + fk'
```

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፕሮዳክት ሩል ፕሩፍ ውስጥ ኮሸንት ሩል የትም አይገባም። ስለዚህ በእሱ ብንጠቀም በክብ እየዞርን አይደለም። ይሄን የምለው በኋላ በክብ የሚዞር "ፕሩፍ" ስለማሳያችሁ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለ። f እና g ሁለቱም x ላይ ዴሪቫቲቭ አላቸው፤ g(x) ደግሞ 0 አይደለም። ሁለተኛው ግልጽ ይመስላል፣ በ0 አይካፈልማ። ግን ፕሩፉ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ስራ ይሰራል፤ ቆይተን እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ 1/g በአካባቢው መኖሩን ማረጋገጥ

አብዛኛው ሰው ይቺን ደረጃ ይዘላታል። የ1/gን ዴሪቫቲቭ ለማውጣት 1/g(x+h) ብለን መጻፋችን አይቀርም። g(x) 0 እንዳልሆነ ተነግሮናል፤ g(x+h) 0 እንዳልሆነ ግን ማን ነገረን? ከxዋ ትንሽ ፈቀቅ ስንል g 0 ሆኖ ቢጠብቀን ክፍልፋዩ ትርጉም የለውም።

የሚያድነን ኮንቲኒዩቲ ነው። g ዴሪቫቲቭ ካለው ኮንቲኒዩስ ነው፤ ማሳየቱም አንድ መስመር ነው።

```
g(x+h) − g(x) = [g(x+h) − g(x)]/h · h
```

h ወደ 0 ሲሄድ በስተቀኝ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ወደ g'(x) ይሄዳል፣ ያ የተወሰነ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ወደ 0 ይሄዳል። ብዜታቸውም ወደ 0። ስለዚህ g(x+h) ወደ g(x) ይጠጋል ማለት ነው።

አሁን g(x) ለምሳሌ 5 ነው እንበል። g(x+h) ወደ 5 እየተጠጋ ከሆነ፣ hን በበቂ ካሳነስናት g(x+h) ከ2.5 በላይ ይሆናል። ከ2.5 በላይ የሆነ ቁጥር 0 ሊሆን አይችልም። g(x) ነጌቲቭ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ በቂ ቅርበት ላይ የg መጠን ከግማሹ በታች አይወርድም። ስለዚህ x አጠገብ 1/g ያለ ስጋት ይጻፋል። ይቺን ነጥብ ደብተራችሁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትጽፏት በቂ ነው፤ ግን ጻፏት።

ደረጃ 2፦ የ1/g ዴሪቫቲቭ

ዋናው ስራ ይሄ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ። የዴሪቫቲቭን ትርጉም 1/g ላይ እንተገብራለን። መጀመሪያ ልዩነቱን ብቻ እንጻፍ፣ hን ለጊዜው እንተዋት።

```
1/g(x+h) − 1/g(x)
```

ሁለት ክፍልፋይ ነው፤ ታህታቸው የተለያየ ነው። የጋራ ታህት እንፈልግላቸው፣ እሱም የሁለቱ ታህቶች ብዜት ነው። የመጀመሪያውን ላይና ታች በg(x)፣ ሁለተኛውን ላይና ታች በg(x+h) እናባዛለን።

```
= [g(x) − g(x+h)] / [g(x+h)·g(x)]
```

ላዕሉን አስተውሉት። አዲሱ g ሲቀነስ አሮጌው g መሆን ሲገባው ተገልብጧል፤ አሮጌው ቀድሞ አዲሱ ነው የተቀነሰው። የኮሸንት ሩል የመቀነስ ምልክት የተወለደው እዚህ ጋ ነው፣ ሌላ ቦታ አይደለም። ነጌቲቩን ወደ ውጭ አውጥተን ቅደም ተከተሉን እናስተካክለው፤ ከዚያ ሁሉንም ለh እናካፍል።

```
[1/g(x+h) − 1/g(x)]/h = − [g(x+h) − g(x)]/h · 1/[g(x+h)·g(x)]
```

አሁን h ወደ 0 ትሂድ። የመጀመሪያው ክፍል የgʼ ትርጉም ራሱ ነው፤ ወደ g'(x) ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ g(x+h) ወደ g(x) ይጠጋል፤ ይሄን ከደረጃ 1 ነው ያገኘነው። ስለዚህ ታህቱ g(x) ሲባዛ በg(x) ይሆናል፣ ማለትም g(x)²። g(x) 0 ስላልሆነ በዚህ ማካፈል ይቻላል። ውጤቱ፦

```
(1/g)' = − g' / g²
```

ስኩዌሩም የተወለደው እዚህ ነው። የአሮጌውና የአዲሱ g ብዜት ነበር፤ ሁለቱ እየተጠጉ መጥተው አንድ ሲሆኑ ስኩዌር ሆነ።

ይሄ በደረቁ ካልተዋጠላችሁ እንጀራ እንቁረስ። አንድ እንጀራ ለ2 ሰው ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 1/2 ነው። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር 1/3 ይሆናል። ድርሻው ስንት ቀነሰ? 1/6፣ ማለትም 1/(2·3)። እንጀራው መጀመሪያውኑ ለ10 ሰው ተካፍሎ ከሆነና አስራ አንደኛ ሰው ከመጣ ደግሞ ድርሻው የሚቀንሰው በ1/110 ብቻ ነው፣ ማለትም በ1/(10·11)። ሁለቱም ላይ ታህቱ የድሮው ቁጥር በአዲሱ ተባዝቶ ነው፤ ልክ g(x+h)·g(x) እንዳለው። ሰው እየበዛ ሲሄድ ድርሻው መቀነሱ የነጌቲቩ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ባለበት አንድ ሰው መጨመሩ ብዙም የማይጎዳው ደግሞ ከታች ባለው ስኩዌር የተነሳ ነው።

በቁጥርም እናጣራው። g(x) = x²+1 ይሁን፣ x = 2። g(2) = 5፣ g'(2) = 4። ቀመራችን −4/25 ይላል፣ ማለትም −0.16። በትርጉሙ ስንሄድስ? h = 0.1 ሲሆን g(2.1) = 5.41 ነው። የg ልዩነት 0.41 ለ0.1 ሲካፈል 4.1 ይሰጣል፤ ታህቱ 5.41·5 = 27.05 ነው። ስለዚህ −4.1/27.05፣ ወደ −0.1516 ገደማ። hን ወደ 0.01 ስናወርዳት −4.01/25.2005 ይሆናል፣ −0.1591 ገደማ። 0.001 ላይ −0.1599 ገደማ። ላይኛው 4.1 ወደ 4፣ ታችኛው 27.05 ወደ 25 ሲንሸራተቱ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፕሩፉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሊሚቶች እነሱ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ፕሮዳክት ሩል

አሁን k = 1/g እንበል። ደረጃ 2 ላይ k ዴሪቫቲቭ እንዳለውም፣ ዴሪቫቲቩ ስንት እንደሆነም አግኝተናል። f ደግሞ ዴሪቫቲቭ እንዳለው መጀመሪያውኑ ተሰጥቶናል። ሁለቱም ካላቸው ፕሮዳክት ሩል ይሰራል፣ የf·k ዴሪቫቲቭም አለ። "አለ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

```
(f · 1/g)' = f' · (1/g) + f · (−g'/g²)
           = f'/g − fg'/g²
```

እውነት ለመናገር ፕሩፉ እዚህ ጋ አልቋል። ይሄ ራሱ ኮሸንት ሩል ነው፣ ልብሱን ያልቀየረ። እንደውም ለእኔ ከታወቀው ቅርጽ ይሄኛው ይበልጥ ይናገራል። የመጀመሪያው ክፍል ታችኛው ባለበት ቆሞ ላይኛው ብቻ ሲለወጥ የሚመጣው ለውጥ ነው። ሁለተኛው ላይኛው ቆሞ ታችኛው ሲለወጥ የሚመጣው ነው። ሁለቱ ተደምረው ጠቅላላውን ይሰጣሉ።

ደረጃ 4፦ ወደ አንድ ክፍልፋይ ማምጣት

የጋራ ታህቱ g² ነው። ሁለተኛው ክፍልፋይ g² አስቀድሞ አለው። የመጀመሪያው ግን ከታች አንድ g ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ላይና ታች በg እናባዛዋለን።

```
f'/g = f'g/g²
f'g/g² − fg'/g² = (f'g − fg')/g²
```

f' አጠገብ ያለችው g ለምን እንደመጣች ግልጽ ሆነ? ታህት ለማስተካከል የገባች ናት። የመቀነስ ምልክቱ ደግሞ g' ካለበት ጋ ነው የተጣበቀው፣ ምክንያቱም ከ1/g ነው የመጣው። ከእንግዲህ ቅደም ተከተሉ ሲጠፋችሁ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ላይኛው 1 ቢሆንስ? f = 1 ከሆነ f' = 0 ነው፣ መልሱ −g'/g² መውጣት አለበት። ገልብጣችሁ ጽፋችሁት ከሆነ +g'/g² ይወጣና ወዲያው ይታወቃል።

አንድ ምሳሌ ከነማጣሪያው

ያንኑ g እንውሰድና ከላዩ f(x) = 3x+1 እናስቀምጥ።

```
q(x) = (3x+1)/(x²+1)
```

x = 2 ላይ የሚያስፈልጉን አራት ቁጥሮች ናቸው፦ f = 7፣ f' = 3፣ g = 5፣ g' = 4። መጀመሪያ በደረጃ 3 ቅርጽ እንስራው። f'/g = 3/5 = 0.6። fg'/g² = 28/25 = 1.12። 0.6 ሲቀነስ 1.12፣ −0.52 ነው። ላይኛው ብቻውን ቢሆን ክፍልፋዩን ወደ ላይ ይጎትተው ነበር፤ ታችኛው ግን በበለጠ ኃይል ወደ ታች እየጎተተው ነው። በታወቀው ቅርጽም (3·5 − 7·4)/25 = −13/25፣ ያው −0.52።

ለማንኛውም x ስንጽፈው ደግሞ እንዲህ ነው።

```
q'(x) = [3(x²+1) − (3x+1)·2x] / (x²+1)²
      = (3 − 2x − 3x²) / (x²+1)²
```

x = 2 ብታስገቡ ላዕሉ 3 − 4 − 12 = −13 ይሆናል። ገጠመ።

አሁን ቀመሯን ጭራሽ ሳንነካ በካልኩሌተር ብቻ እናጣራ። q(2) = 7/5 = 1.4። q(2.01) = 7.03/5.0401፣ ወደ 1.39481 ገደማ። ከ1.4 ያለው ልዩነት ለ0.01 ሲካፈል −0.519 አካባቢ ይሰጣል። በግራ በኩል ደግሞ q(1.99) = 6.97/4.9601፣ ወደ 1.40521 ገደማ፤ ከዚህኛው ወገን −0.521 አካባቢ ይወጣል። እውነተኛው −0.52 በሁለቱ መሀል ተቀምጧል። እንዲህ ከሁለቱም ወገን ማጣራት ጊዜ አይፈጅም፤ ካልኩሌተር በተፈቀደበት ሁሉ እመክራለሁ።

ይቺ ማጣሪያ የሚከተሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ ታጋልጣለች። f'/g' ብሎ የሰራ 3/4 = 0.75 ያገኛል፤ ምልክቱ እንኳ አይገጥምም። የመቀነሱን ቅደም ተከተል የገለበጠ +0.52 ያገኛል፤ ቁጥሩ ልክ ስለሚመስል ይሄኛው ያታልላል። ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚታየው ግን የቅንፍ ስህተት ነው። (3x+1)·2x ሲዘረዘር 6x² + 2x ነው፤ ከፊቱ ያለው መቀነስ ሁለቱንም ይመለከታል። ምልክቱን ለመጀመሪያው ብቻ የሰጠ ተማሪ 3 + 2x − 3x² ይጽፋል፣ x = 2 ላይ −5/25 = −0.2 ያገኛል። ይሄ የካልኩለስ ስህተት አይደለም፣ የ8ኛ ክፍል አልጀብራ ነው፤ ነጥብ ግን ያስቀንሳል።

ሌላው ደግሞ gን መሰረዝ ነው። (f'g − fg')/g² ላይ f' አጠገብ ያለችውን g ከታች ካለችው ጋር አጣፍቶ (f' − fg')/g የሚጽፍ አለ። መሰረዝ የሚቻለው g ከሁለቱም ክፍሎች ሲወጣ ብቻ ነው፤ fg' ውስጥ ደግሞ g የለችም፣ g' ናት ያለችው። በምሳሌያችን ይሄ (3 − 28)/5 = −5 ይሰጣል፣ ከ−0.52 ጋር አይተዋወቁም።

f'/g' ለምን እንደማይሆን ያለ ቁጥርም ማየት ይቻላል፣ በመለኪያ። f በብር፣ g በኪሎ፣ x በቀን ይለካ። f/g ብር በኪሎ ነው፣ ዋጋ ማለት። የዋጋ ዴሪቫቲቭ ዋጋው በቀን ስንት እንደሚለወጥ ስለሚናገር መለኪያው ብር በኪሎ በቀን መሆን አለበት። f'/g' ላይ ግን ከላይም "በቀን" ከታችም "በቀን" አለ፤ ይጣፋሉና ብር በኪሎ ብቻ ይቀራል። ቀኑ የት ገባ? የእኛ ቀመር ላይ f'g/g² ብትወስዱ ብር በቀን ሲባዛ በኪሎ፣ ለኪሎ ስኩዌር ሲካፈል፣ ብር በኪሎ በቀን ይሰጣል። ሁለተኛውን ክፍል ራሳችሁ ሞክሩት።

አጭሩ "ፕሩፍ" እና ቀዳዳው

ኢንተርኔት ላይም ደብተር ላይም ከዚህ አጠር ያለ ፕሩፍ ታገኛላችሁ። እንዲህ ይላል። q = f/g ይሁን። ስለዚህ f = qg። ሁለቱንም ወገን ዴሪቫቲቭ እንውሰድ፣ በቀኝ በኩል ፕሮዳክት ሩል እንጠቀም።

```
f' = q'g + qg'
q' = (f' − qg')/g
```

qን በf/g ተክታችሁ ላይና ታች በg ብታባዙ ያችው ቀመር ትወጣለች። ያምራል። ሊሚት የለ፣ 1/g የለ፣ በሦስት መስመር አለቀ። ታዲያ እኛ ለምን ደከምን?

ምክንያቱ ያቺ "አለ" ያልኳችሁ ቃል ናት። ፕሮዳክት ሩል የሚሰራው ሁለቱም ተባዦች ዴሪቫቲቭ ካላቸው ነው። qg ላይ ስንጠቀመው q ዴሪቫቲቭ አለው ብለን አስቀድመን ተቀብለናል ማለት ነው፤ ልናረጋግጥ የተነሳነው ደግሞ እሱንም ጭምር ነበር። አጭሩ መንገድ በትክክል የሚናገረው "q' ካለ ይሄን ይሆናል" የሚለውን ብቻ ነው። መኖሩን አይናገርም።

ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። f(x) = x·|x| እና g(x) = x ውሰዱ። x = 0 ላይ እንቁም። g ዴሪቫቲቭ አለው፣ 1 ነው። fም አለው፤ f(h)/h = |h| ስለሆነና |h| ወደ 0 ስለሚሄድ f'(0) = 0 ነው። አሁን q(x) = |x| ይሁን። f = qg የሚለው እኩልነት በሁሉም ቦታ ይሰራል፣ 0ንም ጨምሮ። f ዴሪቫቲቭ አለው፣ g ዴሪቫቲቭ አለው፣ f = qg ነው። ሆኖም q፣ ማለትም |x|፣ 0 ላይ ሹል ጫፍ አለውና ዴሪቫቲቭ የለውም።

ስለዚህ ከf = qg ብቻ ተነስቶ "በሉ q'ን እናውጣ" ማለት አይቻልም። እዚህ ምሳሌ ላይ የጎደለው g(0) ≠ 0 የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። መጀመሪያ ላይ ከበ0 አለማካፈል የበለጠ ስራ ይሰራል ያልኩት ይሄን ነው፤ የq ዴሪቫቲቭ መኖሩ ራሱ በእሱ ላይ ነው የቆመው። ደረጃ 1 እና ደረጃ 2 ላይ g(x) ≠ 0 እያልን በየቦታው ስንጠቅሰው የነበረው ለዚህ ነው። አጭሩ መንገድ ግን በመጨረሻ ለg ሲያካፍል ብቻ ነው የሚያስታውሰው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

እኔ አጭሩን ቀመሯ ስትጠፋችሁ ለማስታወስ ብቻ ተጠቀሙበት ባይ ነኝ። ደረጃ 2ን ከሰራችሁ በኋላ ቀዳዳው ስለሚደፈን ምንም ችግር የለውም። "አረጋግጥ" የሚል ጥያቄ ላይ ግን ብቻውን አታቅርቡት።

ሁለተኛው ወጥመድ፣ ቼይን ሩል

የ1/gን ዴሪቫቲቭ በሊሚት ከማውጣት ይልቅ 1/g ማለት g ከፍ ሲል በ−1 ነው፣ ፓወር ሩልና ቼይን ሩል እንጠቀም የሚልም አለ። መልሱ አንድ ነው፣ −1·g⁻²·g'። መንገዱ ራሱ ስህተት የለበትም። መጠየቅ ያለበት ፓወር ሩል ለ−1 እንዴት ተረጋገጠ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፓወር ሩልን ለፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥሮች ያሳያሉ፤ ከዚያ ኮሸንት ሩልን ያመጣሉ፤ ከዚያ በኮሸንት ሩል ተጠቅመው ፓወር ሩልን ወደ ነጌቲቭ ያሰፉታል። በዚህ ቅደም ተከተል እየሄዳችሁ ኮሸንት ሩልን በነጌቲቭ ፓወር ካረጋገጣችሁ ክቡ ተዘጋ፤ ሀ ለ ትክክል ስለሆነ ትክክል ነው፣ ለ ደግሞ ሀ ትክክል ስለሆነ።

የእኛ ደረጃ 2 ከዚህ ክብ ውጪ ነው፣ ምክንያቱም ከሊሚት በቀር ምንም አልተጠቀመም። እንደውም ነጌቲቭ ፓወርን በነጻ ይሰጠናል። g(x) = x ብትሉ (1/x)' = −1/x² በቀጥታ ይወጣል። g(x) = xⁿ ብትሉ፣ n ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥር ሆኖ፣ g' = nxⁿ⁻¹ ነው።

```
(1/xⁿ)' = − n·xⁿ⁻¹ / x²ⁿ = − n·x⁻ⁿ⁻¹
```

ለምሳሌ 1/x³ ላይ −3x²/x⁶ ይመጣና −3/x⁴ ይሆናል። ፓወሩ −3 ወደ ፊት ወረደ፣ ከፓወሩ ላይ 1 ተቀነሰና −4 ሆነ፤ የምታውቁት ፓወር ሩል ራሱ ነው። x = 0 ላይ ግን አትሞክሩት፤ እዚያ g = 0 ነው፣ ደረጃ 1 ላይ ነው የምትቆሙት።